አምስት ስም፤ የሁለት ሰው ሥራ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በመጨረሻው ዓመት አምስት ሆነን አንድ የጥናት ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። በሽፋኑ ላይ አምስት ስም ተጽፎ ነበር፤ የኔም ስም በአራተኛው መስመር ላይ ጐላ ብሎ ይነበባል። እውነቱን ለመናገር ግን ጽሑፉን ያዘጋጁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ ልጅ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጠች ጻፈችው፤ አንደኛው ልጅ ደግሞ ሠንጠረዦቹን ሠራላት። እኔና የቀሩት ሁለቱ ያደረግነው ነገር ቢኖር የማሳተሚያውን ገንዘብ ማዋጣትና ጽሑፉ በቀረበበት ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰን ከፊት መቆም ነበር። ውጤት ሲለጠፍ አምስታችንም አንድ ዓይነት ማርክ አገኘን። ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ለመቀጠር ስቀርብ ከጠያቂዎቹ አንዱ የጽሑፉን ርእስ ከወረቀቶቼ መካከል አይቶ «እስቲ ያገኛችሁትን ነገር ባጭሩ ንገረን» ቢለኝ፥ ከርእሱ በቀር አንድ ቃል ልጨምርበት አልቻልሁም።

ይህን የመሰለ ታሪክ የሌለው ተማሪ ጥቂት ነው። አንዳንዱ የጻፈው ሰው ሆኖ ይናደዳል፤ አንዳንዱ እንደኔ ስሙን ያስጻፈው ሰው ሆኖ ያፍራል። ሥራ ከያዝን በኋላም ቢሆን ነገሩ አይለቀንም። ሰባት ሰው የፈረመበት ቃለ ጉባኤ የአንድ ጸሐፊ ሐሳብ ብቻ ሆኖ ሲገኝ ያላየ ወጣት ሠራተኛ ካለ ዕድለኛ ነው።

በየምክንያቱ ስንፍናን መክሰስ ቀላል ነው። ነገር ግን የዚህ በሽታ መነሻ ከተማሪው ጠባይ ይልቅ ሥራው በታቀደበት መንገድ ላይ መሆኑን የሚያስረዳ አሮጌ ምርመራ አለ። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያሳበ ጉልበታቸውን ለክቶ ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሰዎቹ በቊጥር እየበዙ በሄዱ መጠን የያንዳንዱ ድርሻ እየቀነሰ ሄደ፤ ስምንት ሆነው ሲስቡ አንዱ ሰው የሚሰጠው ጉልበት ብቻውን ሲስብ ይሰጥ ከነበረው ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሪንግልማን ራሱ ዋናው ምክንያት ሰዎቹ እኩል አለመሳባቸው እንደሆነ ገምቶ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1979 እ.ኤ.አ.፥ ላታኔ የሚባል አሜሪካዊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ በገመድ ፈንታ ጭብጨባንና ጩኸትን ለካ። እኩል ያለመሳብ ችግር ቢወገድ እንኳ ሰው በብዙ መካከል ሲሆን ጉልበቱን እንደሚቈጥብ አገኙ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ተከታዩ ምርመራቸው ነው። ሰዎቹ ከሌሎች ጋራ ሆነው ሲጮኹም የያንዳንዳቸው ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ሲያምኑ መቈጠቡ ጠፋ።

እንግዲህ የአገራችን ገበሬ ይህን ለማወቅ ፈረንሳዊውን መጠበቅ አላስፈለገውም። ወንፈል ሒሳብ ያለበት ሥራ ነው። ዛሬ በእኔ ማሳ አንድ ቀን ያረምህ እንደሆነ ነገ በአንተ ማሳ አንድ ቀን አርማለሁ፤ የቀረ ሰው ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። በአንጻሩ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በብዙ ትምህርት ቤቶች ገብቶ የነበረውን «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት እኔም በተማሪነቴ አይቼዋለሁ። ጎበዙ ተማሪ መሪ ሆኖ አምስት ሌሎች ይሰጡት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በእኛ ክፍል ግን መሪው የቤት ሥራውን ይሠራል፥ አምስቱ ይገለብጣሉ፤ ደብተሩም ሲታረም ስድስቱም ያው ስሕተት ይገኝበታል።

ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣኝ አንድ ወዳጄ ነው። ከኔ ጋራ የተመረቀ ሲሆን አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ለሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተምራል። በክፍሉ 56 ተማሪዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ባለፈው ወር ሻይ ስንጠጣ «የቡድን ሥራ ሰጥቼ ከሸፈብኝ» ብሎ አጫወተኝ። ስለ ፔንዱለም፥ ማለት በክር ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ ነገር፥ ሊያስተምር ፈልጎ በጥቁር ሰሌዳው ላይ «በቡድን ሆናችሁ ፔንዱለም እየሠራችሁ ምን እንደሚያፈጥነው ተወያዩ» ብሎ ጻፈ። በየቡድኑም ሰብሳቢ፥ ጸሐፊ፥ ሰዓት ጠባቂና ጸጥታ አስከባሪ እንዲመረጡ አዘዘ።

«ከዚያስ?» አልሁት።

«ከዚያማ፥ ሰብሳቢው ድንጋዩን ይዞ ይጫወታል፤ ጸሐፊዋ ሰብሳቢው ያላትን ትጽፋለች፤ ሰዓት ጠባቂው ደወል መቼ እንደሚደወል ይጠብቃል፤ ጸጥታ አስከባሪው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይጮኻል።»

ለያንዳንዱ ቡድን ከዐሥር ስምንት ሰጥቶ ለቀቃቸው። በማግሥቱ ግን ከሰዓት ጠባቂዎቹ አንዱን አስነሥቶ ፔንዱለሙን ያፈጠነው ምን እንደሆነ ቢጠይቀው፥ ልጁ «ቲቸር፥ እኔ እኮ ሰዓት ጠባቂ ነበርሁ» ብሎ መለሰለት። በመልሱ ውስጥ ድፍረት አልነበረም። የተሰጠውን ሥራ በታማኝነት ፈጽሟል፤ የተሰጠው ሥራ ከትምህርቱ ጋራ ምንም ግንኙነት አልነበረውም እንጂ።

እኔ በዚህ ነገር ላይ የማያወላውል አስተያየት አለኝ። ሰዓት ጠባቂና ጸጥታ አስከባሪ የሚባሉት ሹመቶች ልጁ ትምህርቱን ሳይነካው እንዲወጣ የተከፈቱ የጓሮ በሮች ናቸው። የሚሰጠው ድርሻ ልጁ ባይሠራው ሥራው የሚቆም፥ ሲሠራውም የትምህርቱን ፍሬ በእጁ የሚያስነካው መሆን አለበት። ወዳጄም ይህን ከተቀበለ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ያንኑ ትምህርት እንደገና አቀድነው። ከዚያም በተከታዩ ሳምንት ፈቅዶልኝ በክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ተመለከትሁ።

መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ስንት ስንት ይሁኑ የሚለው ነበር። ስድስት ቢሆኑ ሁለቱ ተመልካች ይሆናሉ፤ ሁለት ቢሆኑ 28 ክርና 28 ድንጋይ ያስፈልጋል፥ አስተማሪውም ሁሉን ሊያይ አይችልም። አራት ቢሆኑ ግን የፊተኛው ዴስክ ልጆች ወደ ኋላ መዞር ብቻ ይበቃቸዋል፤ ዴስክ እየጎተቱ ዐሥር ደቂቃ ማባከን አይኖርም። በዚህ ዓይነት 14 ቡድን ሆኑ። በቡድኑ ውስጥ ላለ ለያንዳንዱ ልጅ ከ1 እስከ 4 ቊጥር ተሰጠው። የቡድን አለቃ አልተሾመም።

ሁለተኛው ጥያቄ ሥራውን ግልጽ ማድረግ ነበር። «ተወያዩ» የሚለው ቃል ከሰሌዳው ላይ ጠፋ። በምትኩ አንድ ባዶ ሠንጠረዥ ተሣለ፤ ሥራውም ያን ሠንጠረዥ መሙላት ሆነ። በክሩ ጫፍ በትንሽ ጨርቅ የተቋጠረ አንድ ድንጋይ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ በእርሳስ ላይ ይጠመጠማል፤ እርሳሱም በዴስኩ ጠርዝ ላይ ተጋድሞ በመጽሐፍ ይጫናል። የክሩ ርዝመት በመጀመሪያ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ቀጥሎ 40፥ ቀጥሎ 25፥ በመጨረሻም 15 ይሆናል። ከረዥሙ የተጀመረበት ምክንያት እርሳሱን እያሽከረከሩ ማሳጠር ቀላል ስለሆነ ነው። በያንዳንዱ ርዝመት በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘ ይቈጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠመን። ለ14 ቡድን 14 ሰዓት ከየት ይመጣል? ስልክ ወደ ክፍል ይዞ መግባት በትምህርት ቤቱ የተከለከለ ነው። ወዳጄ መላውን አገኘ። ሰዓቱን እርሱ ብቻ ይይዝና «ልቀቁ» ሲል 14ቱም ድንጋይ ባንድነት ይለቀቃል፤ 30 ሴኮንድ ሲሞላ «ቁሙ» ይላል። ይህ ዘዴ ሰዓት ከማትረፉም ሌላ ያላሰብነው ጥቅም አስገኘ። አንዱ ቡድን ገስግሦ ሌላው ሳይጀምር የሚቀርበት ሁኔታ አልነበረም፤ ክፍሉ ሁሉ በአንድ እርምጃ ይሄድ ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ ድርሻ ነው። አራቱን ድርሻዎች ከሥራው ራሱ አወጣናቸው። ለኪው ክሩን በማስመሪያ ይለካል፤ የሚለካውም ከእርሳሱ እስከ ድንጋዩ መካከል ድረስ ነው እንጂ እስከ ቋጠሮው ድረስ አይደለም። ለቃቂው ድንጋዩን በጥቂቱ ወደ ጎን ስቦ ሳይገፋው ይለቀዋል። ቈጣሪው ድምፁን እያሰማ ይቈጥራል፤ ድንጋዩ ሄዶ ሲመለስ አንድ ይላል። መዝጋቢው ድንጋዩ በተመለሰ ቊጥር ዝም ብሎ በወረቀቱ ላይ ጭረት ያሰምራል፤ በመጨረሻም ጭረቶቹን ቈጥሮ ከቈጣሪው ቊጥር ጋራ ያስተያያል። ልዩነቱ ከአንድ ቢበልጥ ቊጥሩ አይታመንም። ለዚህም ሲባል ወዳጄ በያንዳንዱ ርዝመት «ልቀቁ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ በመጀመሪያው ያልተስማማ ቡድን በሁለተኛው ያርማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ መፈራረቁ ነው። ርዝመቱ አራት፥ ልጆቹም አራት ስለሆኑ በያንዳንዱ ርዝመት ድርሻው በአንድ ይዛወራል፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጊዜ ይለካል፥ አንድ ጊዜ ይለቃል፥ አንድ ጊዜ ይቈጥራል፥ አንድ ጊዜ ይመዘግባል። ይህ ካልሆነ ምን እንደሚደርስ በየትምህርት ቤቱ ታይቷል። ጽሕፈቷ የሚያምር ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጸሐፊ ትሆናለች፤ ድምፁ የሚጎላው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ተናጋሪ ይሆናል፤ አስተማሪውም ልጅቷ መናገር አትችልም፥ ልጁም መጻፍ አይችልም ብሎ ይደመድማል።

በሠንጠረዡ ላይ ከቊጥሮቹ ጎን ሁለት ተጨማሪ ዓምዶች ነበሩ፤ በአንዱ የቈጣሪው ስም፥ በሌላው የመዝጋቢው ስም ይጻፋል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በአራተኛው መስመር ላይ የተጻፈው የኔ ስም ያልነበረው ነገር ይህ ነው። ስሜ በሽፋኑ ላይ ነበረ እንጂ በማንኛውም ሥራ ጎን አልነበረም።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ወዳጄ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ደቂቃዎች ልጆቹን አዟዙሮ ካስቀመጠና አንድ ቡድን ከፊት አቁሞ አሠራሩን ካሳየ በኋላ ሥራው ተጀመረ። አራቱ ርዝመቶችና በኋላ የምነግራችሁ አምስተኛው ዙር እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ደቂቃ፥ ባንድነት 15 ደቂቃ ወሰዱ። ስድስት ደቂቃ ለንግግር፥ ሰባት ደቂቃ ለየግል ጥያቄ ተመደበ። የቀሩት አራት ደቂቃዎች ክር ለተበጠሰበትና ድንጋይ ለወደቀበት ነበሩ፤ እውነትም አልተረፉም።

ቊጥሮቹ እየመጡ ሲሄዱ አስተማሪው ምን ማየት እንዳለበት አስቀድሞ ማወቁ ጠቀመው። በ60 ሳንቲ ሜትር 19 ያህል፥ በ40 ከ23 እስከ 24፥ በ25 ደግሞ 30፥ በ15 ላይ 38 ወይም 39 መውጣት አለበት። ስለዚህ በዴስኮቹ መካከል ሲዘዋወር የልጆቹን ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ተመልክቶ ስሕተቱ የማን ድርሻ እንደሆነ ያውቅ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለ አንድ ቡድን በ25 ላይ 60 ብሎ ጽፏል፤ ቈጣሪው መሄዱንም መመለሱንም ለየብቻ ቈጥሯል ማለት ነው። ሌላው 31 ብሏል፤ ሲለቀቅ «አንድ» ብሎ የጀመረ ነው፥ መጀመር የነበረበት ከዜሮ ነው። በ15 ላይ 35 ያለው ቡድን ደግሞ በቈጣሪው አይወቀስም፤ ለኪው እስከ ቋጠሮው ድረስ ለክቶ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሮበታል። ወዳጄ መልሱን አልነገራቸውም። «ለኪው ማን ነበር? እስቲ እንዴት እንደለካህ አሳየኝ» ይል ነበር፤ ልጁም እያሳየ ሳለ ራሱ ያገኘዋል።

አንድ ቡድን ግን በአራቱም ርዝመቶች ከተጠበቀው ቊጥር አንድም ሳይዛነፍ ጻፈ። እኔ ደስ ብሎኝ ወደ ወዳጄ ብጠቅስ እርሱ ራሱን ነቀነቀ። ቀረብ ብሎ ሲያይ የመዝጋቢው ጭረት የለም፤ የአራቱም ረድፍ ጽሕፈት የአንድ ልጅ ነው። ከጎረቤት ቡድን ገልብጠዋል። የእውነተኛ ሥራ ሠንጠረዥ አራት ዓይነት ጽሕፈትና ጥቂት ስርዝ ድልዝ ይኖረዋል።

አምስተኛው ዙር በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ድንጋዩን ሁለት በማድረግ ነበር፤ ክብደት ያፈጥነዋል ወይስ አያፈጥነውም የሚለውን ለማየት ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ሁለተኛው ድንጋይ በጨርቁ ውስጥ ከመጀመሪያው በላይ ስለሚቀመጥ የድንጋዮቹ መካከል ከፍ ይላል፤ ክሩም ሳይታወቅ ያጥራል። እንደገና ያልለኩ ሦስት ቡድኖች 25 ቈጥረው «ክብደት ያፈጥናል» ብለው ደመደሙ። እንደገና የለኩት ግን ያንኑ 23 ወይም 24 አገኙ። ወዳጄ ይህን ክርክር ወደ ንግግሩ ጊዜ አሳለፈው።

በንግግሩ ጊዜ «ማን ይመልሳል?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚነሡት እጆች ከመስከረም እስከ ሰኔ እነዚያው ናቸው። ወዳጄ ከ1 እስከ 4 የተጻፈባቸውን አራት ቁራጭ ወረቀቶች በኮፍያ ውስጥ ከቶ አንዱን አወጣ፤ ቊጥሩ 3 ነበር። «በየቡድኑ ያላችሁ ቊጥር ሦስቶች ተነሡ» አለ። 14 ልጆች ቆሙ፤ ከነርሱ ሦስቱን ጠየቀ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ደቂቃ ሰጥቷቸው ነበር። ማን እንደሚጠራ ስላላወቁ በነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ጎበዞቹ ልጆች ለደካሞቹ ያስረዱ የነበረው በችኰላ ነው። አንዲት ልጅ ጎረቤቷን «ቆይ፥ አንተ ንገረኝ እስቲ፤ እኔ ልስማህ» ስትለው ሰማሁ። አስተማሪው ይህን እንድታደርግ አላዘዛትም፤ ዕጣው አዘዛት።

በመጨረሻው ሰባት ደቂቃ ዴስኮቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ወረቀት ታደለ፤ ሠንጠረዡን ማየት የተፈቀደ፥ መነጋገር ግን የተከለከለ ሆነ። ጥያቄው ሦስት ነበር። የመጀመሪያው ያልለኩትን ርዝመት የሚመለከት ነው፤ ክሩ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስንት ጊዜ ይወዛወዛል፥ እንዴትስ አወቅህ? ጎን ለጎን ለተቀመጠው ልጅ ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው 27 ገደማ፥ ሁለተኛው 21 ገደማ ነው፤ በሁለት በሚታወቁ ቊጥሮች መካከል መሆኑን ያስተዋለ ልጅ ይደርስበታል። ሁለተኛው ጥያቄ «አንድ ቡድን በ25 ላይ 60 አገኘ፤ ምን ተሳስቷል?» የሚል ነው። ሦስተኛው ስለ ክብደት ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የጓደኛውን ሠንጠረዥ የገለበጠ ልጅ ሊመልሳቸው አይችልም፤ በሥራው ውስጥ የነበረ ልጅ ግን ያለ ጭንቀት ይመልሳቸዋል።

ማርኩ ከዐሥር ነው። ሁለቱ ለቡድኑ ሠንጠረዥ የሚሰጥ ሲሆን ለአራቱም እኩል ነው። ሁለቱ ልጁ በስሙ ለቈጠረውና ለመዘገበው ረድፍ ነው፤ የሚፈለገውም ቊጥሩ ልክ መሆኑ ሳይሆን ሁለቱ ቈጠራዎች መጻፋቸውና መስማማታቸው ወይም መታረማቸው ነው። ስድስቱ የግል ወረቀቱ ነው። አንድ ምሳሌ ላሳይ። በበሩ አጠገብ የነበሩት አራት ልጆች ሠንጠረዣቸው በሚገባ ተሞልቷል፤ ሁሉም ድርሻቸውን ፈጽመዋል፤ ስለዚህ አራት አራት ማርክ ያዙ። በግል ወረቀቱ አንዷ ስድስት፥ ሌላው አምስት፥ ሦስተኛዋ አራት፥ አራተኛው ግን አንድ አገኘ። ድምሩ 10፥ 9፥ 8 እና 5 ሆነ። ባለፈው ጊዜ አራቱም ስምንት ስምንት ነበራቸው። ዐሥር ያገኘችው ልጅ በጓደኛዋ ምክንያት ምንም አልጎደለባትም፤ አምስት ያገኘው ልጅም በጓደኞቹ ጥላ ሥር አልተደበቀም።

ወዳጄ በመጀመሪያ ለቡድኑ አምስት፥ ለግሉ አምስት ሊያደርገው አስቦ ነበር። ግማሹ የጋራ ከሆነ ግን ምንም ሳይሠሩ ማለፍ ይቻላል፤ ጎበዙም ልጅ የጓደኛውን ስሕተት እየተሸከመ ይማረራል። የጋራውን ፈጽሞ ብናስቀረው ደግሞ ጓደኛን የሚያስረዳበት ምክንያት ይጠፋል። ሁለት ከዐሥር ያን ያህል ትልቅ ባይሆንም ልጆቹ ሠንጠረዡን በጥንቃቄ እንዲሞሉ አብቅቷቸዋል። ቊጥሩ ሕግ ነው አልልም፤ የግሉ ከጋራው በብዙ መብለጥ አለበት የሚለውን ግን እከራከርበታለሁ።

ያልተሳካም ነበር። በዚያን ቀን ሁለት ልጆች ቀርተው ስለነበር ሁለት ቡድኖች ሦስት ሦስት ሆኑ። ይህ አስቀድሞ ታስቦበት ለኪው ለቃቂም እንዲሆን ተወስኗል፤ ቢሆንም እነዚያ ቡድኖች በየዙሩ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። አንድ በጣም ዓይን አፋር ልጅ ደግሞ ቈጣሪ በሆነበት ዙር ድምፁ አልወጣ አለ፤ ጓደኞቹ ሊቀሙት ቢሞክሩ ወዳጄ ከለከላቸውና በጣቱ ዴስኩን እየመታ እንዲቈጥር ፈቀደለት። ከሁሉም በላይ ድካሙ የአስተማሪው ነው። 14 ክርና 14 ቋጠሮ ለማዘጋጀት፥ ከዚያም 54 ቁራጭ ወረቀት ለማረም አንድ ሙሉ ማታ ፈጅቶበታል። ሳምንት ሳምንት ሊደረግ የሚችል ነገር አይደለም፤ መደረግም የለበትም። አንድ ልጅ ብቻውን ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ፥ ለምሳሌ ዐሥር የማባዛት ጥያቄዎችን፥ ለአራት መስጠት ሦስቱን ሥራ ፈት ማድረግ ነው። ፔንዱለሙ ግን በእውነት አራት ሰው ይፈልጋል፤ እየለቀቁ፥ እየቈጠሩና ጭረት እያሰመሩ ክሩንም መጠበቅ ለአንድ ሰው አይቻልም።

ማታ ወረቀቶቹን ስናርም ወዳጄ ሁለቱን ለይቶ አሳየኝ። አንደኛው «እኔ እኮ ሰዓት ጠባቂ ነበርሁ» ያለው ልጅ ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ «27 ይሆናል፥ ምክንያቱም በ25 ላይ እኔ ስቈጥር 30 ነበረ፥ በ40 ደግሞ 24 ነበረ» ብሎ ጽፏል። ሁለተኛው የበር አጠገቡ ልጅ፥ አንድ ብቻ ያገኘው፥ ወረቀት ነበር። በንግግሩ ጊዜ ደኅና ተናግሮ ስለነበር ሁለታችንም ገርሞናል። ወረቀቱን አገላብጠን ስናየው ቈጠራውን በሚገባ ያውቃል፤ ሠንጠረዡን ግን አግድም ማንበብ ስላልቻለ የ40ውን ቊጥር ከ60ው ጋራ አጣርሶታል። ባለፈው ጊዜ ስምንት ከዐሥር ሲያገኝ ይህን ማንም አላወቀለትም ነበር።

ወዳጄ በስሙ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ሠንጠረዥ፥ ሰኞ በዕረፍት ሰዓት» ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፈ።